ከጭቅጭቅ በኋላ የሚመጣው ዝምታ፦ መራቁ ሳይሆን አመላለሱ

ጥያቄ፦ «ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን አራት ዓመት ሆነን። በተጋጨን ቁጥር አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ያኮርፋል። ዝምታውን ስለማልችለው እየተከታተልኩ እጠይቀዋለሁ፣ መልእክት እልክለታለሁ፤ እሱ ግን ‹ምንም አልሆንኩም› ብቻ ይለኛል። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ያወራኛል። ሸሺ የሚባለው ዓይነት ሰው ነው ብዬ ደምድሜያለሁ። አይወደኝም ማለት ነው? እኔም እንደ እሱ ባኮርፍ ይሻላል?»

ምላሽ፦

ዝምታ ብቻውን የፍቅር መለኪያ አይሆንም፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄዎን ከዝምታው ብቻ ተነስቼ ልመልስልዎ አልችልም። ለሁለተኛው ግን መልሴ የማያሻማ ነው፦ አይሻልም፣ አያኩርፉ። ምክንያቱን ወደ በኋላ እገልጸዋለሁ። አስቀድሞ መታረም ያለበት የደረሱበት ድምዳሜ ነው።

ሰው ከሚቀርበው ሰው ጋር ያለውን ትስስር በሚመረምረው የቁርኝት ጥናት «ስጉ»፣ «ሸሺ» እና «የተረጋጋ» የሚባሉት እንደ ደም ዓይነት ተመርምረው «እርስዎ ይህ ነዎት» የሚባልባቸው መደቦች አይደሉም። እያንዳንዱ ሰው በሁለት መለኪያዎች ላይ አንድ ቦታ ይዞ ይገኛል፤ አንደኛው መተውን ምን ያህል ይፈራል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ወደ ሌላ ሰው መጠጋትና በሌላ ሰው መደገፍ ምን ያህል ይከብደዋል የሚለው ነው። በሁለቱም ዝቅ ያለው የተረጋጋ ይባላል፤ በመጀመሪያው ከፍ ያለው ስጉ፣ በሁለተኛው ከፍ ያለው ሸሺ ነው። በሁለቱም ከፍ የሚሉ፣ መቀራረብን አጥብቀው እየፈለጉ አጥብቀው የሚፈሩ ሰዎችም አሉ። በዚያ ላይ አንድ ሰው ከወንድሙ ጋር ሲሆን የተረጋጋ፣ ከትዳር ጓደኛው ጋር ሲሆን ግን ሸሺ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከኩርፊያ ብቻ ተነስቶ ሰውን መፈረጅ ስህተት ነው። ከስህተቱ የሚከፋው ደግሞ መዘዙ ነው፤ «አንተ እኮ ሸሺ ነህ» የሚል ቃል በጭቅጭቅ መሃል ሲሰነዘር ከስድብ እኩል ይቆጠራል፣ የተባለውም ሰው ይበልጥ ይሸሻል። ቃሉ ለራስዎ መረዳት ይርዳዎት እንጂ በባለቤትዎ ፊት አያንሱት።

ቁርኝት የሚባለው ሰው አደጋ ሲሰማው የሚተማመንበትን ሰው እንዲፈልግ የሚያደርገው ውስጣዊ ሥርዓት ነው። ሐሳቡን ያቀረበው እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ ነበር። በጥናት መልክ እንዲፈተሽ ያደረገችው ደግሞ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ኤንስዎርዝ ናት። እርሷ ያዘጋጀችው ሙከራ ከእርስዎ ጉዳይ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ጥቂት ልቆይበት። አንድ ዓመት ገደማ የሆነው ሕፃን ከእናቱ ጋር መጫወቻ ወዳለበት የማያውቀው ክፍል ይገባል። እናቲቱ ለጥቂት ደቂቃዎች ትወጣና ትመለሳለች፤ ይህም ሁለት ጊዜ ይደረጋል። ብዙ ሰው ሕፃናቱ የሚለዩት እናታቸው ስትወጣ በማልቀስና ባለማልቀስ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ከሁሉ አብልጠው የሚመለከቱት እናቲቱ ስትመለስ ሕፃኑ የሚያደርገውን ነው።

የተረጋጋ ቁርኝት ያለው ሕፃን እናቱ ስትወጣ ምርር ብሎ ሊያለቅስ ይችላል፤ ስትመለስ ግን ወደ እርሷ ይሄዳል፣ ታቅፈዋለች፣ ይረጋጋል፣ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ስጉ የሆነው እቅፍ እንድታደርገው እጁን እየዘረጋ፣ ስታቅፈው ደግሞ ይገፈትራታል፤ እቅፏ ውስጥ ሆኖም ማልቀሱን አያቆምም። ሸሺው ዓይኑን ከእርሷ መልሶ በመጫወቻው ይጠመዳል፤ የገባችውን ያላየ ይመስላል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1977 አላን ስሩፍና ኤቨሬት ዋተርስ የእነዚህን ሕፃናት የልብ ምት ለክተው ባወጡት ሥራ፣ እርጋታ የሚነበብባቸው ሸሺ ሕፃናት ልባቸው እንደሌሎቹ ሁሉ ፈጥኖ ይመታ እንደነበር አሳይተዋል። ፊታቸው የሚናገረውና አካላቸው የሚናገረው የተለያየ ነበር።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1987፣ ሲንዲ ሃዛንና ፊሊፕ ሼቨር ይኸው ሥርዓት በአዋቂዎች የፍቅር ግንኙነት ውስጥም እንደሚሠራ የሚያሳይ ጥናት አቀረቡ። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሁሉ ተደምሮ እኔ በሥራዬ ላይ የምመራበትን አንድ ነገር ሰጥቶኛል፤ ሰዎች ተጋጭተው ዝም ሲባባሉ የዝምታው ርዝመት የሚነግረን ጥቂት ሲሆን፣ ከዝምታው የወጡበት መንገድ የሚነግረን ግን ብዙ ነው። በጻፉልኝ ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ ሁለት ቀን ማኮረፋቸው ሳይሆን «ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ያወራኛል» ያሉት ነው።

ይህን በአንድ ጥንድ ታሪክ ላሳይዎት። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ። የሚያኮርፈው ሁልጊዜ ወንድ፣ የምትከታተለው ሁልጊዜ ሴት እንዳትመስልዎት ደግሞ የመረጥኩት ተቃራኒውን ነው፤ ዝም የምትለው ሚስቲቱ ነበረች።

ባልየው በጓደኞቻቸው ፊት በሚስቱ ሥራ ላይ ቀለደ። ቤት ሲገቡ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ነገሩን አነሳችው፤ እርሱም «ቀልድ አይገባሽም እንዴ?» አላት። ድምፅ ከፍ ከፍ አለ። ሚስቲቱ በዓረፍተ ነገር መሃል አቋርጣ «በቃኝ» አለችና ወደ መኝታ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ባልየው አንኳኳ። «ክፈቺልኝ፣ እንነጋገር» ሲላት «ምንም አልሆንኩም፣ ተወኝ» ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ አንድ መልእክት ላከላት።

መልእክቶቹን ቆይተው ሁለቱም አብረው አሳይተውኛል፤ ቅደም ተከተላቸውን ልብ ይበሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ይቅርታ ነበሩ። ሦስተኛው ቀልዱ ክፉ ሐሳብ እንዳልነበረበት የሚያስረዳ ረጅም ጽሑፍ ነው። አራተኛው «ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ» ይላል። ሰባተኛው ላይ «እንደዚህ ከሆነ አብረን መኖራችን ምን ትርጉም አለው?» የሚል ይገኛል። ዘጠነኛው እንደገና ይቅርታ ነው። የመጨረሻው አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነበር።

ይህ ሰው ክፉም፣ ወላዋይም አልነበረም። የስጉ ቁርኝት አሠራር ነው እንዲህ በቅደም ተከተል የሚታየው። ስጉ ሰው የሚቀርበው ሰው ዝም ሲለው የውስጥ ማንቂያው ይጮኻል፤ ማንቂያው የሚጠፋው ደግሞ ከዚያ ሰው ምላሽ ሲያገኝ ብቻ ነው። ምላሽ ካላገኘ ማንቂያው አይደክምም፤ ድምፁን ይጨምራል እንጂ። ልመናው ካልሠራ ማስረዳት፣ ማስረዳቱ ካልሠራ መውቀስ፣ መውቀሱ ካልሠራ የመለያየትን ቃል እስከ ማንሳት ይደርሳል። ይህ የመጨረሻው ከውጭ ሲታይ መራቅ ይመስላል፤ ዓላማው ግን ሌላውን ሰው አስደንግጦ ማምጣት ነው። ባልየውን «ያን ጊዜ መለያየት ፈልገህ ነበር?» ብዬ ስጠይቀው ዕንባው መጣ፤ «በሩን እንድትከፍት ብቻ ነው የፈለግሁት» አለኝ።

በዚህ ሰዓት ውስጥ አእምሮ የሚሠራው ሌላም ነገር አለ። ስጉ ሰው ዝምታን ባዶ አድርጎ ሊተወው አይችልም፤ ይሞላዋል። የሚሞላውም ከዚህ በፊት በተጎዳባቸው ትዝታዎች ነው፤ አንዱ ትዝታ ሌላውን እየጎተተ ይመጣል፣ በቀልድ የተጀመረው ጠብ በአንድ ሰዓት ውስጥ «ድሮም አትፈልገኝም ነበር» ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳል። እርስዎም «አይወደኝም ማለት ነው?» ብለው የጠየቁኝ ምናልባት በእንዲህ ያለ ሰዓት ውስጥ ሆነው ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን በዝምታው መካከል የሚመጣ መልስ እምነት የሚጣልበት መልስ አይደለም፤ ስለ ትዳርዎ የሚደርሱባቸውን ድምዳሜዎች በሙሉ ከታረቃችሁ በኋላ ላለ ሌላ ቀን ያቆዩአቸው።

አሁን ወደ በሩ ሌላኛው ወገን እንሻገር። ሚስቲቱ በሩን ዘግታ ስትቀመጥ ልቧ ይደልቅ እንደነበር፣ እጇም ይንቀጠቀጥ እንደነበር የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያን ምሽት ብትጠየቅ «ምንም አልተሰማኝም» ትል ነበር፤ ውሸትም አይሆንባትም። ሸሺ ሰው በልጅነቱ ወይም በቀደመ ግንኙነቱ አንድ ነገር ተምሯል፤ ሲከፋው ወደ ሰው መሄድ ክፋቱን እንደሚያብስ እንጂ እንደማያቀልለት። ስለዚህ ማንቂያው ሲጮኽ ወደ ሰው ከመሄድ ይልቅ ድምፁን ማፈን ይቀናዋል። ሐሳቡን ወደ ሥራ፣ ወደ ስልክ፣ ወደ እንቅልፍ ይመልሳል፤ የተከፋበትን ነገር ያሳንሰዋል፤ አንዳንዴም የትዳር ጓደኛውን ጉድለት እየቆጠረ «ያለ እርሱም እኖራለሁ» ይላል። «ምንም አልሆንኩም» የሚለው መልስ የዚህ ማፈን ውጤት ነው። ከዚያ ሸሺ ሕፃን ጋር ያለውን ተመሳሳይነት ሳያስተውሉ አይቀሩም።

ጥንዶችን በቤተ ሙከራ ውስጥ ያጠኑት ጆን ጎትማንና ሮበርት ሌቨንሰን በጭቅጭቅ መሃል የሰዎችን የልብ ምት ይለኩ ነበር። ጎትማን እንደሚለው የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ሰው የሚነገረውን በቅጡ መስማትም ሆነ አስቦ መመለስ ያቅተዋል፤ አካሉ እስኪበርድም ቢያንስ 20 ደቂቃ ያህል ያስፈልገዋል። ይህ የሚደርሰው በሸሺ ሰዎች ላይ ብቻ ሳይሆን በማንም ላይ ነው። ሸሺው የሚለየው በዚያ ሁኔታ ውስጥ የሚያውቀው መውጫ አንድ ብቻ፣ እርሱም መዝጋት ስለሆነ ነው። እንግዲህ በሩን እያንኳኳ ለሚጠብቀው ሰው ጭካኔ የሚመስለው ዝምታ፣ በውስጥ ላለው ሰው ከመጥለቅለቅ የሚያወጣ ትንፋሽ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱ ሰዎች ሲገናኙ ችግሩ የሚሰፋው አንዱ የሚያርፍበት ነገር ሌላውን ስለሚያስደነግጠው ነው። ሚስቲቱ ሁለተኛውን የይቅርታ መልእክት ስታነብ ልትወጣ ተነስታ እንደነበር ነግራኛለች። ጫማዋን እያደረገች ሳለ ሦስተኛው ረጅም መልእክት ገባ፤ አራተኛው ሲደርስ ስልኩን አጠፋችው፣ ባለመውጣቷም ደስ አላት። ባልየው በበኩሉ ስልኩ መጥፋቱን ሲያይ የፈራው ሁሉ የተረጋገጠ መሰለው። እርሱ ባሳደዳት መጠን እርሷ ትርቃለች፣ እርሷ በራቀች መጠን እርሱ ያሳድዳል። እያንዳንዳቸው «እኔ ምላሽ እየሰጠሁ ነው፣ የጀመረው እሱ ነው» ወይም «የጀመረችው እሷ ናት» ይላሉ፤ ሁለቱም ከቆሙበት ቦታ ሲታይ እውነታቸውን ነው።

ጠዋት ሚስቲቱ ወጥታ «መኪናውን ዛሬ ማን ይወስደዋል?» ብላ ጠየቀችው። ለእርሷ ይህ የዕርቅ እጅ ነበር፤ እንደገና እያዋራችው ነውና። ባልየው ግን ያ እቅፍ ውስጥ ሆኖ የሚገፈትረው ሕፃን እንደሚሆነው ሆነ። አንድም ዝምታው በማብቃቱ ተገላገለ፣ አንድም ሌሊቱን ሙሉ ያቃጠለው ነገር እንደ ኢምንት በመታየቱ ተቆጣ። «አሁን ነው መኪና የታየሽ?» አላት። እርሷም በልቧ «ይኸው፣ ብመለስም የሚጠብቀኝ ይህ ነው» አለች። በዚህ መሃል የተዘነጋው ነገር የቀልዱ ጉዳይ ነው። ስለ እርሱ ያን ምሽትም፣ በማግስቱም አልተነጋገሩም። ከሦስት ወር በኋላ ፈጽሞ በሌላ ነገር ሲጣሉ «በጓደኞችህ ፊት ያዋረድከኝስ?» ተብሎ ተነሳ።

የተረጋጋ ቁርኝት ያላቸው ሰዎች በዚህ ቦታ ምን ያደርጋሉ? እነርሱም ይቆጣሉ፣ እነርሱም ዝም የሚሉበት ጊዜ አለ፤ የትዳር ጓደኛቸው ዝም ሲላቸውም ይከፋቸዋል። ልዩነቱ ጥቂት ነገር ላይ ነው። ዝም ከማለታቸው በፊት አንድ ነገር ይናገራሉ፤ «አሁን ተናድጃለሁ፣ ነገ እናውራበት» ዓይነት። ዝም የተባሉ እንደሆነ ደግሞ «ተናዷል» እና «ሊተወኝ ነው» የሚሉትን ሁለት ነገሮች ለያይተው መያዝ ይችላሉ፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ጠይቀው መጠበቅ አይገድላቸውም። ከሁሉ በላይ ግን ሲመለሱ ወደ ነገሩ ይመለሳሉ። «ትናንት ያልኩት ልክ አልነበረም» ወይም «ትናንት ያልከው አሁንም ቅር ብሎኛል» ብለው ይጀምራሉ። ንግግሩ አጭር ሊሆን ይችላል፤ አምስት ደቂቃ እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ወደ እርስዎ ሁለተኛ ጥያቄ እንምጣ። እርስዎም ቢያኮርፉ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ይበላሻሉ። የመጀመሪያው፣ እርስዎ ዝም የሚሉት ለማረፍ ሳይሆን እንዲሰማቸው ለማድረግ ስለሚሆን፣ አፍዎ ዝም ቢል ጆሮዎ በር በሩን ሲያደምጥ ይውላል፤ እርስዎን የሚያደክም እንጂ የሚያበርድ ዝምታ አይደለም። ሁለተኛው፣ ባለቤትዎ በእርግጥ መራቅ የሚቀናቸው ከሆኑ ዝምታዎ እንዳሰቡት ቅጣት ሆኖ አይደርሳቸውም፤ ዕረፍት ሊመስላቸው ይችላል። ከዚያም «አየሽ፣ አልተሰማውም» ወደሚል የከፋ ድምዳሜ ይደርሳሉ። የሚያስፈልግዎት ዝምታውን መመለስ ሳይሆን ዝምታው ወሰን እንዲኖረው ማድረግ ነው።

የማያወላውል ምክሬ ይህ ነው፤ ባልተጣላችሁበት ሰላማዊ ቀን ተቀምጣችሁ ስለ ዕረፍት ሰዓት አንድ ስምምነት አድርጉ። ስምምነቱ ከዚህ አይበልጥም፦ ዝም ማለት የፈለገው ሰው ከመሄዱ በፊት መቼ እንደሚመለስ ይናገራል፤ በተናገረው ሰዓትም ነገሩን ራሱ መልሶ ያነሳዋል። «አሁን መነጋገር አልቻልኩም። ትቼሽ መሄዴ አይደለም። ከአንድ ሰዓት በኋላ እኔው መጥቼ እናወራለን።» እነዚህ ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ለሸሺው የሚፈልገውን ትንፋሽ፣ ለስጉዋ ደግሞ የምትፈልገውን ማረጋገጫ ይሰጣሉ። ሰዓቱ ከ20 ደቂቃ ማነስ የለበትም፣ አካል በዚያ ፍጥነት አይበርድምና። ከአንድ ቀንም መብለጥ የለበትም፤ ከዚያ ካለፈ ዕረፍቱ ወደ ኩርፊያ ይለወጣል፣ ነገሩን ማንሳትም በየሰዓቱ እየከበደ ይሄዳል። ነገሩን የሚያነሳው ዝም ያለው ሰው ራሱ እንዲሆን የማሳስበው በምክንያት ነው። ጠባቂዋ ካነሳችው፣ ንግግሩ ገና ሳይጀመር ማሳደድ ሆኖ ይሰማል።

በመካከሉ ያለውን ሰዓት አጠቃቀም ችላ አይበሉት። በዚያ ሰዓት ውስጥ የክርክር ነጥብ ሲያሰላስል የቆየ ሰው አካሉ አይበርድም፤ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሆኖ ጠቡን እየቀጠለ ነውና። ባለቤትዎም ሆኑ እርስዎ ከጠቡ ውጪ የሆነ ነገር መሥራት ይኖርባችኋል፤ መራመድ፣ ገላ መታጠብ፣ እጅን የሚያስጠምድ ሥራ መሥራት። የእርስዎ ድርሻ ከዚህ በተጨማሪ አንድ መልእክት ብቻ መላክ ነው፤ «ገባኝ፣ በሰዓቱ እጠብቅሃለሁ» የሚል። ሁለተኛውን ለመላክ እጅዎ ሲነሳ የሚሰማዎትን ነገር በወረቀት ላይ ይጻፉት፤ አብዛኛው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲነበብ ለመላክ የሚበቃ ሆኖ አይገኝም። ባለቤትዎ ተመልሰው ሲመጡ ደግሞ የመጀመሪያው ቃልዎ ስለ ዘገዩበት ሰዓት አይሁን። ሲመለስ የሚወቀስ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ አይመለስም።

እነዚያ ጥንዶች ይህን ሲሞክሩ የመጀመሪያው ጊዜ አላማረላቸውም። ሚስቲቱ «ከአንድ ሰዓት በኋላ» ብላ ገብታ በአንድ ሰዓት ከሩብ ወጣች፤ ባልየው በሃምሳኛው ደቂቃ ላይ ሁለተኛ መልእክት ልኮ ነበር። ስትወጣ ግን «ስለ ወንድምህ ያልከው ነገር ነው የከፋኝ» ብላ ጀመረች። በትዳራቸው ውስጥ ከኩርፊያ በኋላ እርሷ ራሷ ነገሩን ስታነሳ የመጀመሪያዋ ነበር። ባልየው የዘገየችበትን ሩብ ሰዓት ሳያነሳ አደመጣት። ከዚያ በኋላ የነበሩት ጠቦች አላነሱም፤ በጠብና በዕርቅ መካከል ያለው ጊዜ ግን እያጠረ ሄደ፣ አንድ ጊዜ የተነጋገሩበት ጉዳይም ከወራት በኋላ ተመልሶ መነሳቱን ተወ። ስምምነቱ እየሠራ መሆኑን የምታውቁት በእነዚህ ሁለት ምልክቶች ነው። ጠብ እንዲጠፋ አትጠብቁ፤ የቁርኝት ዘይቤ ራሱም በሳምንታት አይለወጥም፣ ለዓመታት በተደጋገመ አስተማማኝ አመላለስ እንጂ።

አሁን የተናገርኩት ሁሉ የማይሠራባቸው ሁኔታዎች አሉ፣ በጥንቃቄ ያንብቧቸው። ዝምታው የሚያበቃው እርስዎ እጅ ሲሰጡ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ይቅርታ እስኪጠይቁ ወይም የተከለከሉትን እስኪተዉ ድረስ ሆን ተብሎ የሚጎተት ከሆነ፣ ወይም ከዝምታው ጋር ገንዘብ መከልከል፣ ከቤተሰብ መለየትና ማስፈራራት አብረው ካሉ፣ ይህ ሸሺ ቁርኝት አይደለም፤ ሰውን በቁጥጥር ሥር ማድረጊያ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ስለ ዕረፍት ሰዓት መደራደር ለተቆጣጣሪው ተጨማሪ መሣሪያ መስጠት ይሆናል። ልክ እንደዚሁ፣ ዝም የሚለው ሰው ዝም የሚለው ስለሚፈራ፣ ቢናገር ስለሚመታ ወይም ስለሚዋረድ ከሆነ፣ ዝምታው ራሱን መጠበቂያ ነውና «ለምን አትናገርም?» ተብሎ አይጠየቅም። በሁለቱም ሁኔታ የሚቀድመው ደኅንነት ነው፤ የጥንዶች ምክር ሳይሆን ለብቻ ሆኖ ከሚታመን ሰውና ከባለሙያ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ሌላም አለ፤ ባለቤትዎ ዝም የሚሉት ከጠብ በኋላ ብቻ ሳይሆን ከሰው ሁሉ ጋር ከሆነ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከቀነሰ፣ ይወዱት የነበረውን ነገር ከተዉ፣ ነገሩ ድብርት ሊሆን ስለሚችል በሕክምና መታየት አለበት።

ባለቤትዎ ስምምነቱን «የምን ሕግ ነው?» ብለው ቢገፉት አይከራከሩ። የእርስዎን ድርሻ ብቻዎን ይጀምሩት። በሚቀጥለው ጊዜ ሲያኮርፉ አንድ መልእክት ይላኩ፤ «መነጋገር ስትችል እዚህ ነኝ፤ ነገ ማታ ግን ስለ ነገሩ ማውራት እፈልጋለሁ» የሚል፤ ከዚያም በእውነት ይተዉት። በተናገሩት ሰዓት በተረጋጋ ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ ያንሱት። ይህን በሦስት ወይም በአራት ጠቦች ላይ ሳያዛንፉ ካደረጉት፣ እስከ ዛሬ አብረው ተጣብቀው የነበሩ ሁለት ነገሮች ይለያዩልዎታል፤ ባለቤትዎ የሚሸሹት ማሳደዱን ነው ወይስ ጉዳዩን። ማሳደዱ ሲቀር ቀስ በቀስ ወደ ነገሩ የሚመለሱ ከሆነ የምትሠሩበት መሬት አላችሁ። ማንም ሳያሳድዳቸው፣ ጊዜ ተሰጥቷቸው፣ በለሰለሰ ቃል ተጠይቀውም ነገሩን ፈጽሞ የማያነሱት ከሆነ፣ ሁለታችሁም ቁርኝትን መሠረት አድርጎ ከጥንዶች ጋር ወደሚሠራ ባለሙያ እንድትሄዱ ይጠይቋቸው፤ እምቢ ካሉም እርስዎ ብቻዎን ይሂዱ። «አይወደኝም ማለት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ይዘው መቅረብ ያለብዎት ያን ጊዜ ነው።